ወፍጮው ሲቆም

የወፍጮ ቤቱን ባለቤት መጀመሪያ የመቱት በገዛ ሚዛኑ ድንጋይ ነው፤ በአምስት ኪሎው። ትከሻውን አገኘው። ሁለተኛው ምት በዱላ ነበር፤ ጀርባው ላይ አረፈ። ሦስተኛውን ማን እንደሰነዘረው አላየሁም፤ ሰውየው ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ወድቆ ሰዎች ከበውት ነበር።

ቀኑ የገበያ ቀን፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል ገደማ ነበር። ከተማዋ በእጃጂና በጌዶ መካከል በዋናው መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን አልጠራም፤ ያን ቀን እዚያ የነበሩት ሰዎች ዛሬም እዚያው ይኖራሉ። የድብደባው ሰበብ ከወፍጮ ቤቱ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ በሁለት የእንጨት ምሰሶዎች መካከል የተቀመጠ ትንሽ ትራንስፎርመር ነው። ሕዝቡ ወፍጮው ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥልብን ነው ብሎ አምኗል። ይህን እንዲያምን ካደረጉት ነገሮች አንዱ የእኔ ዜና ነበር።

በዚያን ጊዜ አምቦ ተቀምጬ ለሬዲዮ እሠራ ነበር። ከድብደባው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ለሌላ ጉዳይ እጃጂ ሄጄ ስመለስ እዚያች ከተማ አደርኩ። በማግስቱ ጠዋት ጢሜን ልላጭ ገባሁ። ፀጉር አስተካካዩ ጋዜጠኛ መሆኔን ሲያውቅ ምላጩን አስቀመጠና ሁለት የተቃጠሉ የፀጉር ማሽኖች ከመሳቢያ አውጥቶ ፊቴ ደረደራቸው።

«እነዚህን የበላቸው ወፍጮው ነው» አለኝ። «የድሮው ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ስምንት ወር በጨለማ ተቀምጠናል። ለጥገና ብለው ጭነው ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ይሄ አዲሱ ደግሞ ይኸው ማቃሰት ጀመረ። ሰውየው ሁለተኛ ሞተር አስመጥቷል። ቀን በአንዱ፣ ሌሊት በሁለቱ ይፈጫል።»

«ሌሊት ሲፈጭ ያየው ሰው አለ?»

«ማየት ለምን ያስፈልጋል? ንጋት ላይ ውጣና ስማው። ያ ትራንስፎርመር እንደ ትንኝ ነው የሚጮኸው። ሥራ ካልበዛበት ለምን ይጮኻል?»

ነገሩ ልክ መስሎኝ ነበር። መቅረጫዬን ይዤ ከምሰሶው ሥር ቆምኩና ድምፁን ቀዳሁ። እዚያው አጠገብ የምትኖር አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ወጥታ አነጋገረችኝ። አምፖሎቿ በየሳምንቱ እንደሚቃጠሉ፣ ከመቃጠላቸውም በፊት እንደ ፀሐይ እንደሚያበሩ ነገረችኝ። ወፍጮ ቤቱን አንኳኳሁ፤ ተዘግቷል። ባለቤቱ ለቅሶ ሄዷል አለኝ ፀጉር አስተካካዩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያንኳኳሁት።

ዜናው ሦስት ደቂቃ ነበር። የፀጉር አስተካካዩን ቃል ከነ«ሌሊት በሁለቱ ይፈጫል» አስገባሁት። የመምህርቷን ቆረጥኩት፤ ስለ አምፖል መቃጠል ማን ይሰማል ብዬ። መጨረሻው ላይ «የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ለማነጋገር ያደረግነው ጥረት አልተሳካም» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ጥረት ያልኩት ያን አንድ ማንኳኳት ነው።

ዜናው በተላለፈ በአሥረኛው ቀን ግድም አንድ የመብራት ቴክኒሻን ደወለልኝ። የእኔ እኩያ ነው፤ ለዓመታት ከአምቦ እስከ እጃጂ ያለውን ምሰሶ ሁሉ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ፤ ከዚህ ቀደም ስለ ተሰረቀ ሽቦ ስሠራ የተዋወቅን ሰው።

«ዜናህን ሰማሁ። ያንን ትራንስፎርመር ላየው ሐሙስ እወርዳለሁ። አንተ ጀምረኸዋል፣ መጨረሻውን አታይም?»

ሐሙስ ገበያ ነበር። በፒክአፑ ወጣን። አምቦን ለቅቀን ብዙ ሳንሄድ መጠየቅ ጀመረ።

«ድምፁ ወፍራም ነው ቀጭን?»

«ይጮኻል።»

«አቦ፣ ላምም ትጮኻለች! የተራበችና የታመመች ላም ድምፃቸው አንድ ነው? ጭነት የበዛበት ትራንስፎርመር ድምፁ ያድጋል እንጂ እንደዚያ አይቀጥንም፤ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። ብሎን የላላበት እንደ ቆርቆሮ ይንቀጫቀጫል። እሳት ውስጥ እንደ ወደቀ ጨው የሚንጣጣ ከሆነ ደግሞ አትጠጋው፤ ውስጡ ብልጭታ ተነስቷል ማለት ነው። የቀጠነ እንደሆነ…» አለና መንገዱን አየ።

«የቀጠነ እንደሆነስ?»

«ከጭነት አይደለም። ከላይ የሚመጣበት ቮልቴጅ ከልኩ አልፏል። ልቡ ውስጥ ያለው ብረት የሚችለውን ያህል ጠጥቶ ሲሞላ ነው እንደዚያ የሚጮኸው። ያኔ ማንም ሳይጠቀምበትም ይግላል።»

መቅረጫዬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ የዚያን ጠዋቱን ድምፅ አሰማሁት። መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመና መቅረጫውን ጆሮው ላይ ለጠፈው። ሁለት ጊዜ ሰማው።

«መቼ ነው የቀዳኸው?»

«ከጠዋቱ አንድ ሰዓት።»

«ወፍጮው እየሠራ ነበር?»

«ተዘግቶ ነበር። ለቅሶ ሄዶ።»

መቅረጫውን መለሰልኝ። መልሱ ከአፌ ሲወጣ ነው የገባኝ። የሰውየውን ንጽሕና የሚያስረዳ ድምፅ በኪሴ ይዤ ነው በእሱ ላይ ዜና የሠራሁት። ከዚያ በኋላ ቴክኒሻኑ በፍጥነት ነዳ፤ ጌዶን ስናልፍ ሰላምታ ለሰጠው ሰው እንኳ እጁን አላነሳም።

ስንደርስ ያየሁትን መጀመሪያ ላይ ጽፌዋለሁ። ለምን በዚያ ቀን እንደሆነ የተረዳሁት በኋላ ነው። ጠዋት ከትራንስፎርመሩ ዘይት መንጠባጠብ ጀምሮ ከሥሩ የተቀመጠች የሽንኩርት ነጋዴ ሸራ ላይ ወደቀ። ሴትዮዋ አሽታ ጮኸች። የድሮው ከመቃጠሉ በፊትም እንዲህ ሸትቶ ስለነበር ሰው ሁሉ ደነገጠ። ወፍጮው በዚያ ሰዓት እየሠራ ነበር፤ ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። «ሬዲዮ ተናግሯል እኮ!» ያለው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ብዙ ሰው እንዳለው ነገሩኝ።

ቴክኒሻኑ ጥሩምባውን እየነፋ ፒክአፑን ሕዝቡ መሃል ነዳው። ወረደና በኦሮምኛ ጮኸ፤ «ዺሳ! ዺሳ!» ተዉት ማለቱ ነው። የደንብ ልብሱን ሲያዩ ገለል አሉ። አንድ የቀበሌ ሚሊሻ ጠመንጃውን ደረቱ ላይ አቅፎ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ መሬት መሬት ያያል። ወፍጮ ፈጪው በክርኑ ተደግፎ ተነሳ። ከአፍንጫው የሚወርደው ደም ከፊቱ ዱቄት ጋር ተቦክቷል።

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የእንጨት መሰንጠቅ ድምፅ መጣ። አምስት ስድስት ጎልማሶች ሁለተኛውን ሞተር ሊሰባብሩ ገብተው ነበር። እኔም ተከትዬ ገባሁ። ሞተሩ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ከመጣበት የጣውላ ሳጥን ገና አልወጣም፤ ምስማሩ እንኳ አልተነቀለም። አንድ ገመድ አልተያያዘበትም። ሰዎቹ ለአፍታ ቆመው አዩት።

«ያልተፈታ ነው እንዴ?» አለ አንዱ።

«ቢሆንስ? ነገ ይፈታዋል» አለ ሌላው፣ መጥረቢያውንም አነሳ። ሳጥኑን ሰነጠቁት፤ የሞተሩን ክዳን በመዶሻ አደቀቁት። ሌሊት በሁለቱ ይፈጫል ያልኩትን አሰብኩ። እዚያ ክፍል ለመግባት ሁለት ሳምንት ዘግይቻለሁ።

ስመለስ ቴክኒሻኑ ጆሮውን የእንጨቱ ምሰሶ ላይ ለጥፎ ነበር። የሱ ልማድ ነው፤ ጎረምሶቹ ባልደረቦቹ ይስቁበታል። የላይኛው ድምፅ በእንጨቱ በኩል እንዳለ ይወርዳል፣ የገበያ ጫጫታ አይቀላቀልበትም ይል ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ።

«መንጣጣት የለውም» አለኝ በቀስታ። «እስካሁን አልጀመረም። አሁን ቀና በልና እንፋሎቱን እይ።»

ካፊያ ጥሎ ገና ማባራቱ ነበር። ከብረት ሳጥኑ አናት ላይ ያረፈው ውሃ እየተነነ ነው። በጎንና በጎን የተደረደሩት የብረት ክንፎች ግን እንደ ረጠቡ ናቸው፤ ጠብታው ይታያል።

«ዘይቱ ሲግል ወደ ላይ ይወጣና በክንፎቹ በኩል እየቀዘቀዘ ይወርዳል። ክንፎቹ ካልጋሉ ዘይቱ ወደነሱ እየገባ አይደለም፤ ጎድሏል ማለት ነው። የሚንጠባጠበው ከላይኛው የጎማ መዝጊያ ነው፤ ጎማው በሙቀት ብዛት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሽታውን አሽትተኸዋል? የዘይት ብቻ ነው። ከሽቦው መጠቅለያ የሚመጣ የሚኮሰኩስ የወረቀት ቃጠሎ ቢኖርበት ኖሮ አልቆለት ነበር።»

«ስለዚህ ወፍጮው አይደለም።»

«ወፍጮው አይደለም» አለ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር፣ «እኔ ነኝ» አለ።

ባጭሩ ነገረኝ። አዲሱ ትራንስፎርመር ሲተከል ከተማዋ ከሩቅ በሚመጣ መስመር ጫፍ ላይ ነበረች። መብራቱ ደካማ ነበር፤ አምፖል እንደ ከሰል ፍም ይቀላል። ሕዝቡ ለመነው። እሱም የትራንስፎርመሩን መዞሪያ ወደ መጨረሻው ቁጥር፣ ወደ አምስት አደረገው፤ ከደካማው መስመር ላይ ተጨማሪ ቮልቴጅ እንዲያወጣ። መረቁት፤ በግ ሊያርዱለትም ነበር። በኋላ ከተማዋ ወደ ሌላ ቅርብና ብርቱ መስመር ተዛወረች። ያኔ መዞሪያውን ወደ ልኩ መመለስ ነበረበት። ወረቀት ላይ ጽፎ ይዞታል። መንገዱ በየሳምንቱ በድንጋይ የሚዘጋበት ጊዜ ነበር፤ አንድ ጊዜ ከግንደበረት መገንጠያ፣ ሌላ ጊዜ ከጌዶ ወዲህ መንገድ የዘጉት ሰዎች መለሱት። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ሌላ ሥራ ያዘው። «ከዚያ ረሳሁት ልልህ እችላለሁ» አለኝ። «አልረሳሁትም። አደርገዋለሁ እያልኩ ነው።»

«ንገራቸው» አልኩት።

«አሳያቸዋለሁ። ካልሰሙ አያምኑም።»

ያሰበው ጥሩ ነበር። ወፍጮው ሲጠፋ ሌላው የከተማው ጭነት ቀን ቀን ትንሽ ስለሆነ መስመሩ ይቀለዋል፤ ቮልቴጁም ከፍ ይላል። ጥፋቱ የቮልቴጅ ከሆነ ትራንስፎርመሩ ወፍጮው ሲቆም ጸጥ ከማለት ይልቅ የባሰ ይቀጥናል። ይህን ሕዝቡ በገዛ ጆሮው ቢሰማ ሰውየው ይድናል። ፒክአፑ ላይ ቆሞ በሁለት ቋንቋ ተናገረ፤ «ሁላችሁም ጸጥ በሉ! ወፍጮው አሁን ይጠፋል። ድምፁን ስሙ!»

ፈጪው ራሱ እያነከሰ ገባ። ማጥፊያውን ሲያወርድ ሰማነው። የወፍጮው ድንጋይ እየዘገየ፣ እየዘገየ ቆመ። ገበያው ጸጥ ብሎ ነበር፤ አህያ እንኳ አላናፋም። ትራንስፎርመሩ ለጥቂት ጊዜ እንደነበረ ቆየ። ከዚያ ድምፁ ወጣ። ቀጥኖ፣ ጥርስ እስኪያሳክክ ድረስ ስለታም ሆነ።

«ሰማችሁ?» አለ ቴክኒሻኑ።

«ሰማን!» ብሎ የጮኸው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ ፊት ለፊት ቆሟል። «ሲያጠፋው ነው የጮኸው! ምን አድርጎ ነው ያጠፋው? አበላሽቶት ወጣ እኮ!»

ሌላ ሰው «ሊያፈነዳው ነው!» አለ። ፈጪው ፊቱን ሳይሸፍን ከበሩ ብቅ ሲል ድንጋይ መጣ። አንድ አልነበረም። የአንዱን ድምፅ ለይቼ ሰማሁት፤ በግንብ ላይ እንደሚያርፍ አልነበረም። ሰውየው ሁለት እጁን ፊቱ ላይ ጭኖ ተቀመጠ፤ በጣቶቹ መካከል ደም ፈሰሰ። አንዱ በእግሩ ጎኑን መታው። ሌላው ኮሌታውን ይዞ ጎተተው።

ቴክኒሻኑ ከፒክአፑ ላይ ዘሎ ወረደ። «እኔ ነኝ!» አለ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ! እሱን ልቀቁት!» ማንም አልሰማውም። በሰውየው ላይ ተደፋና የሚወርደውን ዱላ በክንዱ ተቀበለው። አጥንት ሲሰበር ድምፁ ደረቅ ነው።

እኔም ገባሁ። ጀግንነት አልነበረም፤ ሌላ የሚደረግ ነገር አልታየኝም። መቅረጫውን ከፍ አድርጌ «የሬዲዮው ሰው እኔ ነኝ፤ የተናገርኩት ትክክል አልነበረም» አልኩ። ፀጉር አስተካካዩ አወቀኝ። ፊቱ ላይ መጀመሪያ የታየው ደስታ ነበር።

«አንተ ነህ! ንገራቸው እንጂ!»

«ያን ቀን ጠዋት ድምፁን ስቀዳ ወፍጮው ተዘግቶ ነበር። አንተ ነህ ለቅሶ ሄዷል ያልከኝ።»

በጥፊ መታኝ። መቅረጫው ወድቆ ሰው ረገጠው። አንድ ጥርሴ ተነቀነቀ፤ ከሳምንት በኋላ ወለቀ። «ምን ያህል ሰጠህ?» አለኝ። የሚጠላኝ አይመስለኝም፤ ሁለት ማሽኖቹን ያቃጠለበት ሰው ከእጁ ሊያመልጥበት ነበር።

ነገሩን የቀየረችው ከዜናዬ የቆረጥኳት መምህርት ናት። ከደጃፏ እየወጣች በሁለት እጇ የተቃጠሉ አምፖሎች የሞሉበት የፕላስቲክ ሳፋ ይዛለች። ሳፋውን ፀጉር አስተካካዩ እግር ሥር ዘረገፈችው፤ አምፖሎቹ ተንኮታኮቱ።

«የኔን አምፖል ማነው የፈጨው?» አለችው። «ጭነት ቢበዛ መብራት ይደክማል፤ ትምህርት ቤት አልተማርክም? የኛ ደከመ እንዴ? ዓይናችንን ነው የሚያወጣው! ያንተ ማሽን ተቃጠለ እንጂ ፍጥነት አነሰው?»

ፀጉር አስተካካዩ ጫማው ላይ የተበተነውን ስብርባሪ ማራገፍ ጀመረ።

«ተናገር እንጂ፣ ሰባኪ!» አለች የሽንኩርት ነጋዴዋ ከኋላ። ጥቂት ሴቶች ሳቁ። ሳቁ ከልመናም ከማስረጃም በላይ ሠራ። ሰዎች እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ፤ የያዙትን ድንጋይ በዝግታ የጣሉም ነበሩ። ፈጪውን ማንም አልመታውም።

ቁጣው ግን አልበረደም፤ ሰው ቀየረ። ቴክኒሻኑ የተሰበረ ክንዱን ደረቱ ላይ ይዞ ተነሳና ስለ መዞሪያው፣ ስለ መስመሩ፣ ስላልተመለሰው ቁጥር ተናገረ። ምንም አላለሰለሰም። መዞሪያውን ለመመለስ ትራንስፎርመሩ መጥፋት እንዳለበት ሲናገር ግን ጎልማሶቹ ምሰሶውን ከበቡት።

«አታጠፋትም!» አለ መጥረቢያ የያዘው። «ያኛውንም ለጥገና ብላችሁ ነው የወሰዳችሁት።»

«ካልጠፋ ዛሬ ወይም ነገ ይነድዳል። ሲፈነዳ ዘይቱ እየነደደ ነው የሚረጨው። ማን ላይ? ከሥሩ ቆማችሁ እኮ ነው የምትከራከሩኝ።»

«ብታጠፋትና ብትሄድስ?»

«አልሄድም» አለ። «እስክትበራ እዚሁ ከሥሯ እቀመጣለሁ። መኪናው ሰውየውን ወደ ሆስፒታል ይውሰድ፤ እኔ መያዣ ነኝ። ካልበራች የምታደርጉትን አድርጉኝ።»

መጥረቢያ የያዘው ሰው አንድ ሽማግሌ ላይ ዓይኑን ጣለ። ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። መንገድ ለቀቁለት።

በአንድ እጁ ምሰሶ መውጣት አይችልም፤ ከጌዶ ባልደረባ እንዲመጣለት ደወለ። ማጥፋቱን ግን አላቆየውም። መጀመሪያ ወደ ከተማው የሚወጣውን መስመር ማብሪያ ማጥፊያ ዘጋ። ከዚያ ረጅሙን የፋይበር ዘንግ አውጥቶ በደረቅ ጨርቅ ከላይ እስከ ታች ወለወለው፤ ጓንቱን እኔ አለበስኩት። ዘንጉን በደህናው እጁና በብብቱ አስደግፎ ከላይ ያሉትን ሦስቱን ፊውዞች አንድ በአንድ መንጭቆ አወረደ። በእያንዳንዱ ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ታየች። በሦስተኛው ድምፁ ተቆረጠ። ያን ያህል ጊዜ ሲጮህ የነበረ ነገር ሲቆም ጆሮ ይደነግጣል፤ አንዳንዶች ጎንበስ አሉ።

እኔ ፒክአፑን ይዤ ወጣሁ። ፈጪው አጠገቤ ተቀምጧል፤ ከኋላ ሚስቱና መምህርቷ አሉ። ሚስትየው የራሷን ነጠላ ግራ ዓይኑ ላይ ይዛለት ነበር። አምቦ እስክንደርስ «ቀስ በል፣ ጉድጓድ አለ» ከማለት በቀር አልተናገረችም።

ቴክኒሻኑ በማግስቱ ረፋድ ላይ ደወለ። ባልደረባው መጥቶ ምሰሶው ላይ ወጥቷል። አናቱ እስከ ማታ ድረስ እጅ አያስይዝም ነበር፤ የክንፎቹ ታች ቀዝቃዛ ነበር፤ የዘይቱ መጠን ከምልክቱ በታች ወርዷል። መዞሪያውን ከአምስት ወደ ሦስት መለሱት፤ የጎማ መዝጊያውን ቀየሩ፤ ከታሸገ ጀሪካን ዘይት ሞሉና አየሩ እንዲወጣ ሌሊቱን አሳደሩት። ጠዋት በመለኪያ ፈትሸው ደህና ሲሆን አበሩት።

«አሁን እንዴት ነው የሚለው?» አልኩት።

«ያጉረመርማል። ወፍራም።»

«አንተስ?»

«ማታ እራት አብልተውኛል» አለ። «ያ ክንዴን የሰበረው ሰው ነው እንጀራውን የቆረሰልኝ። ሁለታችንም ስለሱ አላነሳንም።» በኋላ ለአለቆቹ ጥፋቱን በጽሑፍ አመለከተ። ከደመወዙ ተቀጣ፤ ክንዱም እንደ ድሮው አልቀናም፤ ምሰሶ መውጣት አቆመ።

እኔ ማስተካከያውን ሠራሁ። አዘጋጄ ለአንድ አንቀጽ ነበር ቦታ የሰጠኝ። ስህተቱ ሦስት ደቂቃ ወስዶ ማረሚያው አንድ አንቀጽ አይሆንም ብዬ ተሟገትኩ፤ ሦስት ደቂቃ ሰጠኝ። ቀጭን ድምፅ ምን እንደሆነ፣ የዘይት ሽታና የቃጠሎ ሽታ እንዴት እንደሚለዩ፣ ክንፎቹ ቀዝቅዘው አናቱ ሲግል ምን እንደጎደለ ተናገርኩ። ሁለተኛው ሞተር ከሳጥኑ አለመውጣቱን ተናገርኩ። ያን ጠዋት ወፍጮ ቤቱ ዝግ እንደነበረ፣ ይህንንም እያወቅሁ ሳላስተውለው እንደቀረሁ ተናገርኩ። የመምህርቷን ቃል ሙሉውን አስገባሁት።

ከመተላለፉ በፊት ጽሑፉን ይዤ ሆስፒታል ፈጪው ጋ ሄድኩ። ግራ ዓይኑ አልዳነም። ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰብሮ ስለነበር ተቀምጦ ነው የሚተኛው። አንድ በአንድ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«እውነት ነው» አለ። «ሁሉም እውነት ነው።»

ይቅርታ ጠየቅሁት። ጽሑፉን ከእጄ ወስዶ ለሚስቱ ሰጣት። ሚስቱ ውሃ ልታመጣ ወጣች። የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ ለዜና አልነበረም። ወፍጮውን አጥፍቶ ሲወጣ ከውጭ የሚጠብቀውን ሕዝብ እያወቀ፣ ለምን ፊቱን እንዳልሸፈነ ጠየቅሁት። ከዚያ በፊት ሲመታ ሸፍኖ ነበርና።

«ማጥፊያውን ሳወርድ ሲቀጥን ሰማሁት» አለኝ። «ወፍጮ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ኖሬአለሁ፤ ጭነት የሌለው ነገር ሲጮህ አውቃለሁ። ከኔ እንዳልሆነ በዚያች ደቂቃ ታወቀ። ሁሉም ሰምተዋል ብዬ ፊቴን ወደነሱ መለስኩ።»